ዘጋቢ ፊልም ፈንድ ላይ የሚጥሉ ስህተቶች

ስለ አፋር ጨው የሚያወራ ትሪትመንት፣ ማለትም ፊልሙ ምን እንደሚመስል ለፈንዱ የሚያስረዳ ጽሑፍ፣ በየጊዜው ይደርሰኛል። ርዕሱ ጥሩ ነው። የሚወድቀው ግን ሁሌም በተመሳሳይ ምክንያት ነው።

ዋናው ስህተት «ፈቃድ አለን» ብሎ ማለፍ ነው። ኧረ ተው! የቢሮ ደብዳቤ ኬላ ያሳልፋል እንጂ የሰው ቤት አያስገባም። ገምጋሚው የሚጠይቀው ሌላ ነው። ማን ፈቀደላችሁ? ምን እንድትቀርጹ? ሰውየው መሃል ላይ ሐሳቡን ቢቀይርስ? ጨው ሜዳው ላይ ደግሞ አንድ ዓይነት ሰው ብቻ አይደለም ያለው። ጨዉን ከመሬት የሚፈነቅለው፣ አሞሌውን ጠርቦ የሚያስተካክለው፣ ግመል ነጂውና ነጋዴው የተለያዩ ናቸው። የአንዱ እሺታ ለሌላው አይሠራም። እንዲህ ብትጽፉ ግን ያምኗችኋል፦ «ከአንድ ግመል ነጂ ጋር እስከ በራህሌ አብሬ ተጉዣለሁ። ቤቱ ገብቼ እንድቀርጽ ፈቅዷል። ባለቤቱ ግን ፊቷ እንዲታይ አትፈልግም፤ ስለዚህ የቤቱን ትዕይንት በድምፅዋ እሠራዋለሁ።» እምቢታውን መጻፋችሁ እዚያ ቤት በእርግጥ እንደገባችሁ ያሳያል።

የናሙና ቪዲዮውም እንዲሁ ነው። የዳሎልን ቢጫ መሬትና የግመል ሰልፍ በሙዚቃ አጅቦ መላክ ምንም አያረጋግጥም፤ ማንኛውም ቱሪስት ይቀርጸዋል። ሰውየው ካሜራውን ረስቶ ስለ ዕዳው ከጓደኛው ጋር ሲከራከር የሚያሳይ ሦስት ደቂቃ ይበልጣል።

የቀረጻ ጊዜን ሐምሌ ላይ ማድረግ ሌላው ነው። ክረምት ላይ እዚያ ሙቀቱ 45 ዲግሪ ያልፋል፤ የጨው ሥራው የሚደራው በቀዝቃዛዎቹ ወራት ነው። አካባቢውን የሚያውቅ ገምጋሚ ይህን ሲያይ ቦታውን ረግጣችሁት እንደማታውቁ ይገባዋል። ድሮን ካሰባችሁ ፈቃዱን ከወዲሁ አስቡበት። በጀት ላይ ደግሞ ሁሉም የሚረሳት ነገር አለች፦ ትርጉም። ኤዲተሩ አፋርኛ ካልቻለ የተቀረጸው ንግግር በሙሉ መተርጎም አለበት፣ ያውም ኤዲቲንግ ሳይጀመር። ለመጨረሻው ሰብታይትል ብቻ ገንዘብ የያዘ በጀት ኤዲቲንግ ላይ ይቆማል።

«ድምፅ ለሌላቸው ድምፅ መሆን» የሚለውን እባካችሁ ሰርዙት። ሰዎቹ ድምፅ አላቸው። እናንተ ምን ታያላችሁ? መንገድ ተሠርቶ የጭነት መኪና ገብቷል፣ የግመሉ ሥራ እየቀነሰ ነው። ለዚህ የሚያዝን ፊልም ነው የምትሠሩት? ወይስ መኪና መንዳት ከሚመኘው የግመል ነጂው ልጅ ጋር ነው የምትቆሙት? ሁለቱ የተለያየ ፊልም ናቸው፤ ካሜራው የሚቆምበት ቦታም ይለያያል። በመጀመሪያው ከግመሎቹ ኋላ በእግር ትሄዳላችሁ። በሁለተኛው በጎናቸው አቧራ አስነስቶ የሚያልፈው መኪና ውስጥ ከልጁ ጋር ተቀምጣችኋል። ከአዲስ አበባ የምትሄዱ ከሆናችሁም ይህንኑ ጻፉት፤ መደበቁ አያዋጣም።

ትሪትመንቱ «ሁለት ሰው፣ አንድ ካሜራ» እያለ በጀቱ የስድስት ሰው አበል ከያዘ ደግሞ፣ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው።