በፎቶ ቀይ፣ እቤት ሲደርስ ጥሬ፦ የቲማቲም ፎቶ ለምን ያሳስታል

ባሕር ዳር ውስጥ ለትንሽ ምግብ ቤታችን አትክልት የማዘው በቴሌግራም ፎቶ እያየሁ ነው። የበሰበሰውንና የተሰነጠቀውን ማንም ያየዋል፣ እሱን እዚህ አልደግመውም። ደጋግሞ ያስቸገረኝ ሌላ ነው።

ችግሩ፦ ሁለት ሻጮች ፎቶ ላኩልኝ። የአንደኛዋ ቲማቲም ደም የመሰለ ቀይ፣ የሌላዋ ደግሞ ጠቆር ያለ፣ ያረጀ የሚመስል። ከመጀመሪያዋ 20 ኪሎ አዘዝኩ። ባጃጁ ሲያወርደው ግማሹ ገና አረንጓዴና ብርቱካናማ ነበር፤ ለዕለቱ ስልስ የሚሆን ተለቅሞ አልበቃኝም። በሚቀጥለው ሳምንት ጠቆር ካለው አዘዝኩና ጥርት ያለ የበሰለ መጣልኝ።

ምክንያቱ፦ ሸራው ነው። የመጀመሪያዋ ከብርቱካናማ ሸራ ሥር ነው የምትሸጠው፤ በሸራው ውስጥ አልፎ የሚወርደው ብርሃን ጥሬውን ሁሉ ያቀላዋል። የሁለተኛዋ ሰማያዊ ሸራ ደግሞ ቀዩን ያጠቁረዋል። የስልኩ ካሜራ ብርሃኑን ለማስተካከል ይሞክራል፣ ግን ሙሉ በሙሉ አይሳካለትም። ካሜራው የምግብ ሞድ ላይ ከሆነማ ቀለሙን ጭራሽ ያደምቀዋል!

መፍትሄው፦ ነጭ ወረቀት። «እትዬ፣ የዛሬን ቀን ነጭ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ሳጥኑ ላይ፣ ቲማቲሙ መሐል አድርጊልኝ፤ ከሸራው አውጥተሽ ግድግዳ ጥላ ሥር አንሺው» እላለሁ። ፀሐይ ላይ አይሁን፣ ነጸብራቁ ቀለሙን ይበላዋል። ፎቶው ሲመጣ መጀመሪያ ወረቀቱን እዩ፣ ቲማቲሙን አይደለም። በሁለቱም ፎቶ ወረቀቱ ነጭ ከሆነ ብቻ አወዳድሩ። ወደ ብርቱካናማ ወይም ወደ ሰማያዊ ካደላ እንደገና ይነሳ። ቀኑን የማስጽፈው ደግሞ ያለፈውን ሳምንት ፎቶ መልሰው የሚልኩ ስላሉ ነው፤ ይሄ በጣም ያናድደኛል፣ ደንበኛን መናቅ ነው።

አሁንም አንድ ነገር ይቀራል። የሳጥኑ የላይኛው ረድፍ ሁልጊዜ ቆንጆ ነው። ስለዚህ ከሥር አንድ አውጥታ ለሁለት ቆርጣ ታንሳው። ዘሩን የከበበው ዝልግልግ ነገር አረንጓዴ ከሆነ ገና ነው። ጫፉ ላይ ያለችው ቅጠል ለምለም ከሆነች በቅርብ የተለቀመ ነው፤ ከደረቀች ሰንብቷል። ውሃ የተረጨበትን ግን አትመኑ፣ ጠብታው የጠወለገውንም ያስውበዋል። ልስላሴን ፎቶ አያሳይም፤ በጣቷ ጫን ስታደርገው አጭር ቪዲዮ ጠይቁ።

ማንጎ ላይ ቀለሙን ተዉት፣ አረንጓዴ ሆኖ የሚበስል ዓይነት አለ። ከዛፉ ጋር ተያይዞበት የነበረው ጫፍ አካባቢ ሞላ ብሎ ያበጠ መሆኑን እዩ።

አቮካዶ ከሆነ ከጫፉ ያለችውን ትንሽ እንጨት ነቅላ ታሳያችሁ። ሥሯ አረንጓዴ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ቡናማ ከሆነ ውስጡ ጠቁሮ ሊሆን ይችላል። እንጨቷ እምቢ ብላ ካልተነቀለች ገና ጥሬ ነው፤ ለነገ ከፈለጋችሁት አትዘዙት።