ኢንዲኬተር ወይስ ንጹህ ፕራይስ አክሽን? ጥያቄውን በራስዎ ቻርት ላይ እንዴት እንደሚፈትኑት

«ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ኢንዲኬተር ይሻላል ወይስ ንጹህ ፕራይስ አክሽን?» ብላ የጠየቀችው ቴክኒካል ትንተና መማር ከጀመረች ጥቂት ወራት የሆናት ተማሪ ናት። የተጠየቁት በውጭ ምንዛሪ ገበያ ለብዙ ዓመታት የሠሩ ተንታኝ ሲሆኑ፣ ወዲያው ከመመለስ ይልቅ «በየትኛው ገበያ? በየትኛው የጊዜ ክፍልፋይ? በምን ሕግ ገብተሽ በምን ሕግ ልትወጪ?» ብለው መልሰው ጠየቋት። ተማሪዋ ለሦስቱም መልስ አልነበራትም። ስለዚህ ዩሮን በዶላር የሚያሳየውን EURUSD የዕለት ቻርት ከፈቱና ሁለቱን መንገዶች፣ ማለትም ዋጋን በቀመር የሚያጣራውን ኢንዲኬተርና ቻርቱን በዓይን የሚያነበውን ፕራይስ አክሽን፣ በእኩል ሚዛን የምታነጻጽርበትን ሥራ ደረጃ በደረጃ አሳዩዋት። እኔም አጠገባቸው ሆኜ የያዝኩትን ማስታወሻ በዚያው ቅደም ተከተል አቀርበዋለሁ።

1. ኢንዲኬተሩን አንድ ጊዜ በእጅዎ ያስሉ

ተማሪዋ የምትጠቀመው ዌልስ ዋይልደር እ.ኤ.አ. በ1978 ያስተዋወቀውን፣ የዋጋ እንቅስቃሴን ፍጥነት ከ0 እስከ 100 የሚለካውን አርኤስአይ ነበር። ቁጥሩ ከ30 በታች ሲወርድ «ዋጋው ረክሷል፣ ይግዙ ማለት ነው» ብላ ታምናለች። ተንታኙ ወረቀት አውጥተው ቀመሩን ጻፉላት፦

```
RS  = አማካይ ጭማሪ / አማካይ ቅናሽ
RSI = 100 - 100 / (1 + RS)
```

ፒፕ የምንዛሪ ዋጋ ለውጥ የሚለካበት ትንሽ አሃድ ነው፤ በዩሮና ዶላር 0.0001 ነው። ባለፉት 14 ቀናት ዋጋው ጨምሮ በዘጋባቸው ቀናት ያገኘው ሲደመር 280 ፒፕ፣ ቀንሶ በዘጋባቸው ቀናት ያጣው ደግሞ 840 ፒፕ ነው እንበል። አማካዮቹ 20 እና 60 ይሆናሉ፣ አርኤስአይ ደግሞ 25 ይሆናል። በማግስቱ ዋጋው 50 ፒፕ ቢጨምር፣ የቀድሞው አማካይ በ13 ተባዝቶ የዕለቱ ለውጥ ይደመርበትና ለ14 ይካፈላል፤ አርኤስአይም ወደ 28.4 ከፍ ይላል። በሦስተኛው ቀን 60 ፒፕ ቢወርድ ግን ቁጥሩ 26.8 ላይ ይቆማል።

«አሁን ተመልከቺ» አሏት። «ዋጋው ከመነሻው በ10 ፒፕ ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ አርኤስአይ ግን ከ25 ወደ 26.8 ከፍ ብሏል። ዳይቨርጀንስ እያላችሁ የምትጠሩት ይህንን ነው። ከገበያው ውጭ የመጣ አዲስ ወሬ የለበትም፤ የመውረዱ ፍጥነት በጥቂቱ ረገብ ማለቱን ብቻ ይነግርሻል።»

እዚህ ላይ ያነሱት ማስረጃ እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2015 ያለው የዩሮ ውድቀት ነው። ዩሮ በግንቦት 2014 መጀመሪያ ወደ 1.40 ዶላር ተጠግቶ ነበር። በመስከረም መጀመሪያ የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ወለድ ሲቀንስ ከ1.30 በታች ወረደ፣ የዕለቱ አርኤስአይም ከ30 በታች ገባ። «ረክሷል» ብሎ የገዛ ሰው ከዚያ በኋላ የጠበቀው ምን እንደነበር ቻርቱ ላይ ይታያል፦ ባንኩ ጥር 22 ቀን 2015 ሰፊ የቦንድ ግዢ መርሐ ግብር አወጀ፣ በመጋቢት አጋማሽም ዩሮ ወደ 1.05 ወረደ። አርኤስአይ በዚያ ጉዞ ውስጥ ከ30 በታች በተደጋጋሚ ገብቶ ወጥቷል። ስሌቱ ስህተት አልነበረበትም፤ የሚለካው ፍጥነትን ነውና ፍጥነትን በትክክል ለካ። ርካሽነትን ግን ሊለካ አይችልም።

2. ሁለቱንም ሕጎች በጽሑፍ ያስቀምጡ

የአርኤስአዩን ሕግ መጻፍ ቀላል ነው። ቁጥሩ ከ30 በታች ከቆየ በኋላ ከ30 በላይ ሲዘጋ በሚቀጥለው ካንድል፣ ማለትም የቀጣዩን ቀን ዋጋ በሚያሳየው ምልክት፣ መክፈቻ ይገዛል፤ ኪሳራን የሚያቆመው ትእዛዝ፣ ስቶፕ ሎስ፣ ከ30 በታች በቆየበት ጊዜ ከታየው ዝቅተኛ ዋጋ ሥር ይቀመጣል፤ ዒላማው የስቶፑ ርቀት ሁለት እጥፍ ይሆናል።

አስቸጋሪው የፕራይስ አክሽኑ ሕግ ነው። አብዛኛው ክርክርም መፍትሔ የሚያጣው እዚህ ላይ ስለሆነ ጊዜ ሰጥቼ እገልጸዋለሁ። ተንታኙ ተማሪዋን «ሰፖርት አሳዪኝ» ሲሏት ሙሉውን ቻርት ተመልክታ ዋጋው ሦስት ጊዜ የተመለሰበትን ቦታ ወዲያው አሰመረች፤ መስመሩም ያማረ ነበር። ተንታኙ የማያ ገጹን ቀኝ ግማሽ በወረቀት ሸፍነው፣ መስመሩ ከሁለተኛው ንክኪ በፊት ይታያት እንደነበር ጠየቋት። በዚያን ጊዜ በአካባቢው እኩል አሳማኝ የሆኑ ሌሎች አራት ዝቅታዎች ነበሩ፤ ከእነሱ መካከል የትኛው እንደሚሠራ ያሳየቻት በኋላ የመጣችው ካንድል ናት። ፕራይስ አክሽን ባለፈ ቻርት ላይ ሁልጊዜ አሸናፊ ሆኖ የሚታየው ዓይን የተሳካውን መስመር አስቀርቶ ያልተሳካውን ስለሚሰርዝ ነው።

መድኃኒቱ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ምልክት የሚያደርጉበት ሕግ መጻፍ ነው። ያወጡት ሕግ ይህን ይመስላል፦ ዝቅታ የሚባለው ከፊቱ ካሉት አምስት ካንድሎችና ከኋላው ካሉት አምስት ካንድሎች ሁሉ ዝቅ ያለ ካንድል ነው። ቀጠናው ከካንድሉ ጭራ ጫፍ እስከ አካሉ የታችኛው ጠርዝ ያለው ስፋት ነው። ዋጋው ወደ ቀጠናው ተመልሶ ሲነካውና ካንድሉ ከቀጠናው በላይ፣ በራሱ ርዝመት የላይኛው ሲሶ ውስጥ ሲዘጋ፣ በሚቀጥለው መክፈቻ ይገዛል። ስቶፑ ከዚያ ካንድል ዝቅታ ሥር ይሆናል፤ ዒላማው እንደ አርኤስአዩ ሁለት እጥፍ ነው። አምስቱ ተከታይ ካንድሎች እስኪዘጉ ድረስ ዝቅታው እንዳለ አይቆጠርም። ይህች የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ከተዘለለች ፈተናው በሙሉ ዋጋ ያጣል፤ ገና ያልታወቀን ነገር እንደታወቀ ቆጥሮ መግዛት ይሆናልና።

ተማሪዋ እዚህ ላይ «እንዲህ በሕግ ከታሰረማ ንጹህ ዋጋ ማንበብ አልሆነም፤ ይህም ራሱ እንደ ኢንዲኬተር ሆነ» አለች። ተንታኙ በዚህ ተስማሙ። ኢንዲኬተር ዋጋን በቀመር ያጣራል፣ ፕራይስ አክሽን በዓይን ያጣራል፤ መነሻቸው ግን አንድ ነው፣ ሁለቱም የካንድሉን መክፈቻ፣ ከፍታ፣ ዝቅታና መዝጊያ ይወስዳሉ።

ሌላም ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። የምንዛሪ ገበያ አንድ ማዕከላዊ መዝጊያ ደወል የለውም። የዕለቱ ካንድል የሚዘጋው የደላላው ሰርቨር ሰዓት እኩለ ሌሊት ሲል ነው። ብዙዎች ይህን ከኒው ዮርክ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ጋር ያገጣጥሙታል፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር አሜሪካ የበጋ ሰዓት ስትጠቀም ከሌሊቱ 6 ሰዓት፣ ካልሆነ ደግሞ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ይሆናል። ሌላ ሰዓት የሚጠቀም ደላላ ግን እሑድ ሌሊት ላይ አጭር ተጨማሪ ካንድል ሊያሳይ ይችላል። በአንዱ ቻርት ላይ ረጅም ጭራ ያለው ቆንጆ ፒን ባር በሌላው ላይ ተራ ካንድል ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ አርኤስአይንም ይነካል፤ በካንድል ቅርጽ ላይ ለሚመሠረት ሕግ ግን ጉዳቱ ይብሳል። ስለዚህ ፈተናውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ደላላ ቻርት ብቻ ያካሂዱ።

3. ወደፊት ያለውን ሳያዩ ይመዝግቡ

በሜታትሬደር የግብይት ሶፍትዌር ላይ Auto Scroll የሚለውን ያጥፉ፣ ቻርቱን ወደ ኋላ ይመልሱ፣ ከዚያም F12 እየተጫኑ አንድ አንድ ካንድል ይግለጡ። ምልክት በታየ ቁጥር ቀኑን፣ መግቢያውን፣ ስቶፑንና ውጤቱን በሠንጠረዥ ያስገቡ። ሁለቱን ሕጎች በአንድ ጊዜ አይፈትኑ፤ የአንዱ ውጤት ሌላውን ሲያነቡ ያደላል።

4. ሲቆጥሩ ስፕሬዱንና ዕድልን አይርሱ

ዒላማው የስቶፑ እጥፍ ከሆነ፣ ያለ ወጪ ኪሳራ ውስጥ ላለመግባት ከሦስት ትሬድ አንዱን ማሸነፍ ይበቃል፤ 33.3 በመቶ ማለት ነው። በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት፣ ማለትም የ1 ፒፕ ስፕሬድ፣ ሲጨመርበት ስሌቱ ይለወጣል። ስቶፑ 20 ፒፕ ሲሆን ትርፉ 39፣ ኪሳራው 21 ይሆናል፤ የሚያስፈልገውም 35 በመቶ ነው። በዕለት ቻርት ላይ ስቶፑ 80 ፒፕ ቢሆን 33.75 በመቶ ይበቃል። ተንታኙ በደቂቃ ቻርት የተገኘን የአሸናፊነት ወሬ የማይቀበሉት ከዚህ የተነሳ ነው፤ ስቶፑ ባጠረ ቁጥር ስፕሬዱ የሚወስደው ድርሻ ያድጋል፣ እኔም በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

ተማሪዋ አርኤስአዩን በ30 ትሬድ ሞክራ 10 ማሸነፏን፣ በፕራይስ አክሽኑ ግን 12 ማሸነፏን በኩራት ተናግራ ነበር። ተንታኙ ይህ ልዩነት ምንም አይናገርም አሉ። የእውነተኛው የማሸነፍ ልክ 40 በመቶ ቢሆን እንኳ፣ በ30 ትሬድ የሚታየው ውጤት በአጋጣሚ ብቻ ወደ 9 ነጥብ ያህል ወዲያና ወዲህ ማለቱ የተለመደ ነው። በ100 ትሬድ ይህ መዋዠቅ ወደ 5 ነጥብ ይወርዳል። በ30 ትሬድ ዘዴ የሚቀያይር ሰው የሚከተለው ዕድልን ነው፤ አምስት ተከታታይ ኪሳራ ሲገጥመው ኢንዲኬተሩን ይጥላል፣ ሌላ አምስት ሲገጥመው ወደ እሱ ይመለሳል።

5. ከዚያ በኋላ ብቻ ያዋህዱ

«ታዲያ እርስዎ የትኛውን ይጠቀማሉ?» አለች በመጨረሻ። መልሳቸው ግልጽ ነበር። የት እንደሚገቡ የሚወስኑት በዋጋ ቀጠና ነው፤ ምክንያቱም ስቶፕ የሚቀመጥበትን ቦታ፣ ማለትም ሐሳባቸው ስህተት መሆኑ የሚታወቅበትን ዋጋ፣ ቀጠናው በቀጥታ ያሳያል፤ አርኤስአይ ግን ያንን አያሳይም። የስቶፑን ስፋት ለመወሰን ደግሞ ያው ዋይልደር ያወጣውን፣ የካንድሎችን አማካይ ስፋት የሚለካውን ኤቲአር አይተዉም። ቻርቱ ራሱን ከማያ ገጹ ጋር ስለሚያስተካክል በቀን 40 ፒፕ የሚንቀሳቀስ ገበያና 120 ፒፕ የሚንቀሳቀስ ገበያ ለዓይን አንድ ዓይነት መስለው ይታያሉ፤ በዓይን ብቻ የሚለካ ሰው በሰፊው ገበያ ላይ ስቶፑን አጥብቦ ያስቀምጥና በተራ መዋዠቅ ይመታል።

ለተማሪዋ የሰጧት ሥራ ሦስተኛ ሕግ መፈተን ነው፦ የቀጠናው ምልክት እንዳለ ሆኖ፣ አርኤስአይ ባለፉት አምስት ካንድሎች ውስጥ ከ30 በታች ገብቶ ሲሆን ብቻ መግዛት። በዕለት ቻርት ላይ እንዲህ ያለ ምልክት በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሚገኝ፣ 100 ለመሙላት ብዙ ዓመታት ወደ ኋላ መሄድ ወይም ሌሎች የምንዛሪ ጥንዶችን መጨመር ያስፈልጋል። ጥንድ ስትጨምር ግን ዩሮና ፓውንድ በአንድ ሳምንት በዶላር ላይ የሰጡትን ምልክት እንደ ሁለት እንዳትቆጥር አስጠነቀቋት፤ ዶላር ሲጠነክር ሁለቱም አብረው ይወድቃሉና በሠንጠረዡ ላይ በአንድ ረድፍ ይመዘገባሉ።