ከግስ በኋላ «ቱ» ወይስ «ኢንግ»? በእንግሊዝኛ አረፍተ ነገር ውስጥ እንዴት እንደሚመረጥ

ማንበብ እፈልጋለሁ። ማንበብ ያስደስተኛል። ማንበብ አቆምኩ። በሦስቱም አረፍተ ነገሮች «ማንበብ» ያው ነው፤ ፊደሉም አልተቀየረም። እንግሊዝኛ ግን ከ«ዋንት» በኋላ «ቱ ሪድ»፣ ከ«ኢንጆይ» እና ከ«ስቶፕ» በኋላ ደግሞ «ሪዲንግ» ይላል። አማርኛችን ልዩነቱን ስለማያሳየን እንግሊዝኛን ዓመታት የተማረ ሰው እንኳ «አይ ኢንጆይ ቱ ሪድ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ሰዋስው መጻሕፍት «ቱ» ያለበትን ኢንፊኒቲቭ፣ «ኢንግ» ያለበትን ጀረንድ ይሉታል። እኛ ግን በአጭሩ «ቱ» እና «ኢንግ» እያልን እንሂድ።

1. የፊተኛውን ግስ ፈልጉ

ምርጫውን ብዙ ጊዜ የሚወስነው የፊተኛው ግስ ነው። «ማንበብ» ላይ አፍጥጣችሁ መልስ አታገኙም። ከሱ በፊት ያለውን እዩ።

ጊዜም የሚታየው በፊተኛው ግስ ላይ ብቻ ነው። «ትናንት መሄድ ፈልጌ ነበር» ለማለት «አይ ዋንትድ ቱ ጎ» ይባላል። «አይ ዋንትድ ቱ ዌንት» አይባልም፤ ትናንትነቱን «ዋንትድ» ጨርሶታል።

2. ገና ነው ወይስ ያለ ነገር?

ነገሩ ገና ከፊት ያለ ከሆነ ብዙ ጊዜ «ቱ» ይመጣል። ዋንት፣ ሆፕ፣ ፕላን፣ ዲሳይድ፣ ፕሮሚስ እዚህ ይገባሉ። መሄድ ስፈልግ ገና አልሄድኩም፤ ቃል ስገባም ገና አላደረግኩትም። የጀመርነው ወይም የምናውቀው ነገር ሲሆን ደግሞ «ኢንግ» ይቀናዋል፦ ኢንጆይ፣ ፊኒሽ፣ ኪፕ። ያልሞከርኩት ነገር አያስደስተኝም፣ ያልጀመርኩትንም አልጨርስም።

ይህ መንገድ ለመገመት ይረዳል እንጂ ሕግ አይደለም። «አቮይድ» እና «ሰጀስት» ወዲያው ያፈርሱታል። የምሸሸው ነገር አልተደረገም፣ የማቀርበው ሐሳብም ገና ነው፤ ሁለቱም ግን «ኢንግ» ነው የሚወስዱት። እነዚህን በቃል መያዝ ይሻላል።

3. «በ» እና «ከ»ን አማርኛው ላይ ተዉአቸው

«በማንበብ እደሰታለሁ» ብለን ስለምናስብ «አይ ኢንጆይ ባይ ሪዲንግ» የሚል ይወጣል። «ከመብላት እቆጠባለሁ» ስለምንልም «አይ አቮይድ ፍሮም ኢቲንግ»። «ኢንግ»ዋ ትክክል ሆና ሳለ መሃል የገባችው ቃል ታበላሸዋለች። ኢንጆይ እና አቮይድ «ኢንግ»ን በቀጥታ ነው የሚያስከትሉት፦ «አይ ኢንጆይ ሪዲንግ»፣ «አይ አቮይድ ኢቲንግ ሌት»።

4. መሃል ላይ ሰው ካለ

«እንድትመጪ እፈልጋለሁ» ሲባል ፈላጊው ሌላ፣ መጪዋ ሌላ ናት። እንግሊዝኛው «አይ ዋንት ዩ ቱ ከም» ነው። «እንድ» ስላለች ብቻ «አይ ዋንት ዛት ዩ ከም» ማለት ያምረናል፤ ዋንት ግን «ዛት»ን አይቀበልም። ሰውየውን መሃል አስገብቶ «ቱ» መቀጠል ነው። ቴል፣ አስክ እና አድቫይስም በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ።

«ሰጀስት» ግን እምቢ ይላል። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ እንቆይ። «ሐኪሙ እንድራመድ ሐሳብ አቀረበልኝ» ለማለት «ዘ ዶክተር ሰጀስትድ ሚ ቱ ዎክ» ብንል ስህተት ነው፤ ሰጀስት «ሚ ቱ»ን አያስተናግድም። ያለን ምርጫ ሁለት ነው። አንደኛው «ዘ ዶክተር ሰጀስትድ ዎኪንግ» ነው። አጭር ነው፣ ግን ማን እንደሚራመድ አይናገርም። ከጓደኞች ጋር ሆነን «አይ ሰጀስት ጎይንግ ባይ ታክሲ» ስንል ሁላችንም እንደምንሄድ ግልጽ ስለሆነ ችግር የለውም። ተራማጁ ማን እንደሆነ መታወቅ ካለበት ግን ሁለተኛውን እንይዛለን፦ «ዘ ዶክተር ሰጀስትድ ዛት አይ ዎክ»። ዋንት የማይቀበላትን «ዛት» ሰጀስት ይቀበላታል ማለት ነው።

ከዚህች «ዛት» በኋላ ግሱ ባዶውን ይቀመጣል። በመደበኛ ጽሑፍ «አይ ሰጀስትድ ዛት ሺ ጎ» ይባላል፤ «ዌንት» አይሆንም። እንግሊዞች «ሹድ» ጨምረው «ዛት ሺ ሹድ ጎ» ማለትም ያዘወትራሉ። ይህ ሁሉ ከከበዳችሁ ማምለጫ አለ፤ ግሱን በ«አድቫይስ» ለውጡት። «ዘ ዶክተር አድቫይስድ ሚ ቱ ዎክ» እንከን የለውም።

5. አንድ አንቀጽ አብረን እናርም

አንዲት ተማሪ ስለ ምሽቷ እንዲህ ጻፈች እንበል፦

«አይ ዋንት ኢምፕሩቪንግ ማይ ኢንግሊሽ። አይ ኢንጆይ ቱ ሊስን ቱ ዘ ራዲዮ። ማይ ሲስተር ሰጀስትድ ሚ ቱ ሪድ ኢቭሪ ናይት። ሶ አይ አቮይድ ፍሮም ዎቺንግ ቲቪ።»

የመጀመሪያው ቀላል ነው። ማሻሻሉ ገና ስለሆነ «አይ ዋንት ቱ ኢምፕሩቭ» ይሆናል። ሁለተኛው «አይ ኢንጆይ ሊስኒንግ ቱ ዘ ራዲዮ» ነው። ሁለተኛዋን «ቱ» አብራችሁ እንዳታጠፏት፤ እሷ የ«ሊስን» ጓደኛ ናት፣ ከኢንጆይ ጋር ጉዳይ የላትም። በሦስተኛው የምታነበው ራሷ ተማሪዋ ስለሆነች «ማይ ሲስተር ሰጀስትድ ዛት አይ ሪድ ኢቭሪ ናይት» ይሻላል። «ሰጀስትድ ሪዲንግ» ብትል ሰዋስው አይጎድለውም፣ ግን እህትማማቾቹ አብረው የሚያነቡ ሊመስል ይችላል። በአራተኛው «ፍሮም» ብቻ ትውጣ፦ «አይ አቮይድ ዎቺንግ ቲቪ»።

6. ሁለቱንም የሚወስዱ ግሶች

«ላይክ» እና «ላቭ» በሁለቱም ይሄዳሉ፣ ትርጉሙም እምብዛም አይለወጥም። «ዉድ ላይክ» ከሆነ ግን «ቱ» ብቻ ነው።

«ስቶፕ» እና «ሪሜምበር» ላይ ግን ትርጉሙ ይገለበጣል። ደስ የሚለው ነገር፣ እዚህ አማርኛችን ራሱ ልዩነቱን ያሳያል። «ቡና መጠጣት አቆምኩ» ስንል «አይ ስቶፕድ ድሪንኪንግ ኮፊ» ነው። «ቡና ለመጠጣት ቆምኩ» ስንል ደግሞ «አይ ስቶፕድ ቱ ድሪንክ ኮፊ»። «ለ» ካለች «ቱ» በሉ። «በሩን መቆለፌን አስታውሳለሁ» ሲሆን የተደረገ ነገር ነውና «አይ ሪሜምበር ሎኪንግ ዘ ዶር» ይባላል። «በሩን መቆለፍ እንዳትረሳ» ብለን ለልጅ የምናስታውሰው ግን ገና ያልተቆለፈ በር ስለሆነ «ሪሜምበር ቱ ሎክ ዘ ዶር» ነው።

አንድ ወጥመድ ልጨምር፤ «ሉክ ፎርዋርድ ቱ»። «ቱ» ስላለች ብቻ «ቱ ሲ ዩ» ተብሎ ይጻፋል፤ ትክክሉ «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሲዪንግ ዩ» ነው። መፈተኛው ከ«ቱ» በኋላ ስም ማስገባት ነው። «ሉክ ፎርዋርድ ቱ ዘ ዌዲንግ» ያስኬዳል፤ ስለዚህ ግስ ሲገባም «ኢንግ» ይይዛል። «አይ ዋንት ቱ ዘ ዌዲንግ» ግን አይባልም፤ የዋንት «ቱ» ግስ ብቻ ነው የምትፈልገው።

አዲስ ግስ ሲያጋጥማችሁ ለተማሪዎች የተዘጋጀ መዝገበ ቃላት ክፈቱ፤ የኦክስፎርድም የካምብሪጅም በኢንተርኔት በነጻ ይገኛሉ። ትርጉሙን ብቻ አንብባችሁ አትዝጉት። ከምሳሌዎቹ አጠገብ «ኢንጆይ ዱዊንግ ሳምቲንግ»፣ «ዋንት ቱ ዱ ሳምቲንግ» የሚል ቅርጽ ተጽፎ ታገኛላችሁ። «ዱዊንግ» ካለ «ኢንግ»፣ «ቱ ዱ» ካለ «ቱ»። ወደ ደብተራችሁም ቃሉን ለብቻው ሳይሆን ከነዚህ ጋር አብራችሁ ገልብጡት።