ስም ሳይጽፉ ሲጠቁሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የጥቆማ ሳጥን የምንከፍት ሦስት ሰዎች ነበርን። የምንከፍተው አርብ ከሰዓት ነው። አብዛኛው ወረቀት ስም የለውም። አንዱን እስካሁን አልረሳሁትም። ከደብተር ተቀዶ የተጻፈ ነው፦

«ሱፐርቫይዘሮች ኦቨርታይማችንን እየበሉ ነው። ዘረፋው ከልክ አልፏል። ኧረ የሰው ያለህ! ከተበደሉ ሠራተኞች።»

ውሸት እንዳልሆነ ሦስታችንም ጠርጥረናል። ግን ምን እናድርግ? የትኛው ላይን ነው? የየትኛው ወር? እንዴት ነው የሚበሉት? ጠርተን እንዳንጠይቅ ማን እንደጻፈው አናውቅም። ወረቀቱ ፋይል ውስጥ ገባ፣ እዚያው ቀረ።

ስም የለሽ ጥቆማ ጥቅሙም ጉዳቱም ከዚሁ ይመነጫል። ጻፊው ስለማይታወቅ ማንም አይበቀለውም። ስለማይታወቅም ማንም ተመልሶ «ይሄን አብራራልኝ» ሊለው አይችልም። ስለዚህ መርማሪው ሊጠይቅ የሚችለውን ወረቀቱ ራሱ አስቀድሞ መመለስ አለበት። የሚከተሉት ስህተቶች ሳጥኑን ስከፍት ደጋግሜ ያየኋቸው ናቸው።

ብሶቱን ጽፎ መንገዱን መተው

ከሁለት ወር በኋላ ስለዚያው ጉዳይ ሌላ ወረቀት መጣ። ቃል በቃል ባይሆንም ይዘቱ ይህ ነበር፦

«በጥቅምት ወር በሁለተኛው ሼድ የማታ ኦቨርታይም ከ11 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ሠርተናል። ሰዓቱን ሱፐርቫይዘሩ በእጁ ቅጽ ላይ ሞልቶ ለፔሮል ይልካል። ለብዙዎቻችን የተከፈለን ከሠራነው ያነሰ ነው። ማታ ስንወጣ አሻራ እንሰጣለን። የአሻራውን ሰዓትና ቅጹን አስተያዩ። የሰርቪስ መኪናው መውጫ መዝገብም አለ።»

ቁጣ የለውም፣ ስድብ የለውም። ግን ገንዘቡ በየት በኩል እንደሚፈስ ያሳያል። ሰዓቱ በማሽን ይመዘገባል፣ ከዚያ በሰው እጅ እንደገና ይጻፋል፣ የሚከፈለው ደግሞ በእጅ የተጻፈው ነው። ይህን የተረዳ መርማሪ በግማሽ ቀን ብዙ ያያል።

ሒሳቡን ለምሳሌ ያህል እንሥራው። ደመወዟ 2,600 ብር የሆነች ሠራተኛ በወር 26 ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት ብትሠራ የሰዓቷ ዋጋ 12 ብር ከ50 ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የሚሠራ ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል ይባዛል። ስለዚህ የትርፍ ሰዓቷ ዋጋ 18 ብር ከ75 ሳንቲም ይሆናል። 20 ምሽት ሁለት ሁለት ሰዓት ከሠራች 40 ሰዓት ናት። ቅጹ ላይ 28 ብቻ ከተጻፈ 12 ሰዓት ጠፋ፣ ማለትም 225 ብር። ለአንድ ሰው ትንሽ ሊመስል ይችላል። በ60 ሰው ሲባዛ ግን 13,500 ብር በወር ነው።

«በዓይኔ አይቻለሁ» ማለት

ስሙን ያልጻፈ ሰው ምስክር መሆን አይችልም። ስለዚህ «አይቻለሁ» የሚለው ቃል ለመርማሪው ብዙም አይጠቅመውም። የሚጠቅመው ራሱ ሄዶ የሚያየውን ነገር መጠቆም ነው። የመዝገቡን ስም፣ የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚሞላው፣ የየትኛው ወር እንደሆነ ጻፉለት። ሁለተኛዋ ወረቀት ሦስት መዝገብ ጠቁማለች። ሦስቱንም የያዙት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ የአሻራውን ኤችአር፣ ቅጹን ፔሮል፣ የመኪናውን ጥበቃ። ሱፐርቫይዘሩ አንዱን ቢያስተካክል ሁለቱ ያሳጡታል።

ዝርዝሩ ራስን እንዲያጋልጥ መፍቀድ

እዚህ ጋ ነገሩ ይከብዳል። ዝርዝር ሲበዛ ጥቆማው ይጠነክራል፣ ጻፊውም ይታወቃል። «ማክሰኞ ዕለት ስጠይቀው "ካልተመቸሽ ውጪ" አለኝ» ብሎ የጻፈ ሰው ስሙን ባይጽፍም ጽፏል። ሱፐርቫይዘሩ ማንን እንደተናገረ ያውቃል።

እኔ የምመክረው ቀላል ነገር ነው። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ስትጽፉ «ይህን ስንት ሰው ያውቃል?» ብላችሁ ቁጠሩ። ከአምስት ሰው በታች ከሆነ አስፉት። «ማክሰኞ» የሚለው «በወሩ አጋማሽ» ይሁን፣ «እኔን» የሚለው «የጠየቁ ሠራተኞችን» ይሁን። ላይኑን መጻፍ የሚያስፈራ ከሆነ ሼዱን ጻፉ። በነገራችን ላይ ጥሩ መርማሪም የአንድ ላይን ቅጽ ለይቶ አይጠይቅም። የሁሉንም የወር ቅጽ ያስመጣል፣ የሚፈልገውን ውስጡ ያገኛል። ማን እንደጠቆመም አይነቃም።

የክፍያ ወረቀት ፎቶ የሚያያይዙ ሰዎች አሉ። ስማቸውን በእስክሪብቶ ያጠፉታል። የተጣራው ብር ግን ይቀራል። 2,743 ብር ከ50 የተከፈለው ሰው ደግሞ ከአንድ ላይበልጥ ይችላል። የእጅ ጽሑፍም እንደዚያው ነው፤ ሱፐርቫይዘሩ የየቀኑን ቅጽ ፊርማ ሲያይ የኖረ ሰው ነው። በኮምፒውተር ከጻፋችሁ ደግሞ የወርድ ፋይል የባለቤቱን ስም ውስጡ ሊይዝ ስለሚችል ታትሞ ቢሰጥ ይሻላል። ግን በቢሮው ፕሪንተር አይሁን።

ለመደበቅ ብሎ መዋሸት

ማስፋት ሌላ፣ መዋሸት ሌላ። የስፌት ሠራተኛ ሆና «እኔ የጥበቃ ሠራተኛ ነኝ» ብላ የጻፈች አይቻለሁ። መርማሪው አንድ ውሸት ካገኘ የቀረውንም አያምነውም። «ያየሁት ይህ ነው፣ የሰማሁት ይህ ነው፣ የገመትኩት ይህ ነው» ብሎ መለየት ግን ጥቆማውን ያስከብረዋል።

የራስን ገንዘብ በስም የለሽ ወረቀት መጠበቅ

ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ የሚጎዳውም ይኸው ነው። ጥቆማ አሠራሩን ሊያስቆም ይችላል። የእናንተን 225 ብር ግን ለማን ይመልሱ? ገንዘቡን የሚጠይቅ ሰው ስም ያስፈልገዋል። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ ደግሞ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር በይርጋ ይታገዳል። «ጥቆማ አስገብቻለሁ» ብላችሁ ብትጠብቁ ያ ቀን አይቆምላችሁም።

መሐል መንገድ አለ። ስምን ለመርማሪው ብቻ ሰጥቶ ከአሠሪው እንዲሰወር መጠየቅ ይቻላል። ይህ ስም የለሽ ሳይሆን ምስጢራዊ ጥቆማ ነው። የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 የሚሰጠው ከለላም ለከባድ ወንጀል እና ማንነቱ ለባለሥልጣኑ ለሚታወቅ ሰው ነው። የማይታወቅን ሰው ማን ይጠብቀዋል?

አንዴ ጥሎ መጥፋት

ሁለተኛዋ ወረቀት ግርጌ ላይ አንዲት ቃል ነበረች፦ «ቆጮ 7»። መጀመሪያ ቀልድ መስሎን ስቀን ነበር። የአሻራውን መዝገብ ስንመለከት የሁለተኛው ሼድ ሠራተኞች አንዳንድ ምሽት በ11 ሰዓት እንደወጡ ያሳያል። ጥቆማው ስህተት ሊሆን ነው እንዴ? ሊዘጋ ሲል፣ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ሌላ ወረቀት መጣ። ግርጌው ላይ «ቆጮ 7» ይላል፤ የዚያው ሰው መሆኑን ያወቅነው በዚህ ነው። «አሻራው አንዳንድ ቀን በ11 ሰዓት እንድንሰጥ ታዘን ተመልሰን እንገባለን። የመኪናውን መዝገብ እዩ» ይላል።

የጥበቃውን መዝገብ አስመጣን። በእነዚያ ምሽቶች የሁለተኛው ሼድ ሰርቪስ የወጣው ከ1 ሰዓት በኋላ ነበር።