እውነተኛው የስትረስ ኩርባ ከጫፉ በኋላ ለምን ይወርዳል?

ምልክቱ፦ ፌሮ ስበን የማሽኑን ቁጥሮች ኤክሴል ላይ እንቀይራለን። እውነተኛው ኩርባ ሲወጣ ቆይቶ ልክ እንደ ኢንጂነሪንጉ ተመልሶ ይወርዳል። ብረቱ ግን አንገቱ ላይ እስኪበጠስ ድረስ እየጠነከረ ነው የሚሄደው። የተሳሳተው ሒሳቡ ነው።

ከመርካቶ ተገዝቶ ቶርኖ ላይ ዲያሜትሩ 10 ሚሊሜትር እንዲሆን የተጠረበ፣ 50 ሚሊሜትር የመለኪያ ርዝመት የተመለከተበት ናሙና እንውሰድ። ትልቁ ኃይል 47.1 ኪሎኒውተን ነው እንበል፤ ለመነሻው ስፋት ሲካፈል 600 ሜጋፓስካል ይሆናል። እስከዚያ 6 ሚሊሜትር ተስቧል። 36 ኪሎኒውተን ላይ ሲበጠስ ደግሞ 11 ሚሊሜትር ደርሷል።

```
=S*(1+e)
=LN(1+e)
```

S የኢንጂነሪንግ ስትረሱ፣ e ደግሞ የኢንጂነሪንግ ስትሬኑ ነው። በዚህ ቀመር ጫፉ 672 ሜጋፓስካል ይሰጣል፣ መበጠሻው ደግሞ 559።

ምክንያቱ፦ ቀመሩ የሚሠራው ናሙናው ከዳር እስከ ዳር እኩል ሲቀጥን ብቻ ነው። ጫፉ ላይ የብረቱ መጠንከር የስፋቱን መቀነስ ማካካስ ያቅተዋል፤ ከዚያ በኋላ አንድ ቦታ ብቻ እየሰረጎደ አንገት ያወጣል፣ ሌላው መርዘሙን ያቆማል። 0.22 የተባለው ስትሬን የሁለቱ አማካይ እንጂ የአንገቱ አይደለም።

መፍትሄው፦ ቀመሩን ትልቁ ኃይል ያለበት ረድፍ ላይ ያቁሙት። ከዚያ ሁለቱን ስባሪ ገጣጥመው አንገቱን በሁለት አቅጣጫ በካሊፐር ይለኩ። በካሊፐሩ ስስ ጫፍ ይለኩ፤ ሰፊው መንጋጋ የአንገቱ ትከሻ ላይ ስለሚያርፍ አብልጦ ያነባል። 6.4 ሚሊሜትር ከሆነ፦

```
=36000/(PI()*6.4^2/4)
=2*LN(10/6.4)
```

1,119 ሜጋፓስካልና 0.89 ይወጣል። ይህን ነጥብ ከጫፉ ጋር በቀጥታ መስመር ማገናኘት ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። አንገቱ ጎድጎድ ስላለ ውስጡ በሦስት አቅጣጫ ይሳባል፣ ስለዚህ 1,119 ከብረቱ ትክክለኛ ስትረስ ትንሽ ከፍ ያለ ነው።

ሌላው ምልክት፦ ያው ብረት ሁለት ቦታ ተፈትኖ ታፍነሱ፣ ማለትም ከኩርባው ሥር ያለው ስፋት፣ ይለያያል። መጀመሪያ ስትሬኑ በፐርሰንት ገብቶ እንደሆነ ይዩ፤ ስፋቱን መቶ እጥፍ ያደርገዋል። ካልሆነ የመለኪያ ርዝመቱን ይጠይቁ። ከኢንጂነሪንግ ኩርባው ሥር ያለው ስፋት ለናሙናው የተሰጠው ሥራ ለመነሻው ይዘት ሲካፈል ነው፤ ሜጋፓስካል በስትሬን ሲባዛ ሜጋጁል በኪዩቢክ ሜትር የሚሆነውም ለዚህ ነው። ከጫፉ በኋላ ያለው 5 ሚሊሜትር፣ በአማካይ 42 ኪሎኒውተን ከወሰድን፣ 210 ጁል በልቷል። በ50 ሚሊሜትር ርዝመት ይዘት ሲካፈል 53 ሜጋጁል በኪዩቢክ ሜትር ይሰጣል፤ በ100 ሚሊሜትር ግን 27 ብቻ፣ ምክንያቱም አንገቱ ያው አንድ ነው። እስከ ጫፉ ያለው ስፋት ግን ርዝመቱ ቢቀየርም ያው ነው። ስለዚህ ሪፖርት ላይ እስከ ጫፉ ያለውን ለብቻ፣ ጠቅላላውን ደግሞ ከመለኪያ ርዝመቱ ጋር ይጻፉ።