«ለስልጠና 300,000 ብር» ብሎ ማብራሪያ የለም

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት የፕሮጀክት ኦፊሰር በማግስቱ የሚገባ ፕሮፖዛል ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ላከልኝ። «ጋሼ፣ በጀቱን ብቻ አንዴ እዩልኝ» ይላል። ኤክሴሉ ጥሩ ነው። የበጀት ማብራሪያውን ስከፍት ግን መጀመሪያ ላይ ይህን አገኘሁ፦ «የመምህራን ስልጠና፣ 300,000 ብር። ይህ ወጪ ለመምህራን ስልጠና የሚውል ሲሆን ለፕሮጀክቱ ስኬት እጅግ አስፈላጊ ነው።»

ላፕቶፑን ከድኜ ቡና ላፈላ ተነሳሁ።

ቁጥሩን በቃላት መድገም

ይህን ዓረፍተ ነገር ስንቴ እንዳነበብኩት ቤት ይቁጠረው። ገንዘቡን የሚሰጠው ፋውንዴሽን ውስጥ ያለው አንባቢ 300,000 ብሩን ኤክሴሉ ላይ አይቶታል። ለስልጠና እንደሆነም አይቷል። አስፈላጊ ነው ማለትህማ ምን ይጨምርለታል? አስፈላጊ ባይሆን ትጠይቀው ነበር? ሰውየው የቸገረው ሌላ ነው፤ ስንት ሰው፣ ስንት ቀን፣ በስንት ዋጋ፣ ለምን ያን ያህል ሰው፣ ዋጋውንስ ከየት አመጣችሁት። እነዚህን ካላገኘ ወይ በደብዳቤ ይጠይቅሃል፣ ወይ ዝም ብሎ ይቀንሰዋል።

ልጁን ደወልኩለትና አብረን ፈታነው። 60 መምህራን ናቸው፣ ከ20 ትምህርት ቤቶች ሦስት ሦስት። አዳራሹ ስለማይበቃ በ2 ዙር፣ በየዙሩ 30 ሰው ለ3 ቀን። ከነዚህ ውስጥ 36ቱ ከራቁ 12 ትምህርት ቤቶች ስለሚመጡ ያድራሉ። የመጀመሪያውን ቀን ደግሞ መንገድ ይበላዋል፤ ስለዚህ አበላቸው የ4 ቀን ነው። 36 ሰው በ4 ቀን በ1,500 ብር፣ 216,000። የትራንስፖርታቸው ደርሶ መልስ በ600 ብር፣ 21,600። እዚያው ከተማ ያሉት 24ቱ አያድሩም፤ የምሳ ብቻ 500 ብር ለ3 ቀን፣ 36,000። ሻይ ቡና ከሁለቱ አሰልጣኞች ጋር በየዙሩ ለ32 ሰው፣ በቀን 200 ብር፣ ለሁለቱ ዙር 38,400። አዳራሽ 6 ቀን በ6,000፣ 36,000።

ድምር 348,000 ብር።

ልጁ ዝም አለ። 300,000 ያለው «ባለፈው ዓመትም እንዲሁ ነበር» ተብሎ ነው። ፕሮጀክቱ ቢያልፍ ኖሮ 48,000 ብር ከየት ይመጣል? ማብራሪያ ዶነሩን ከማሳመኑ በፊት ጸሐፊውን ያጋልጣል፤ ስሌቱን ስትጽፈው ነው ቀዳዳው የሚታይህ። ያቺን የመንገድ ቀን እኔም ስጀምር ረስቻት አውቃለሁ። ከገጠር ድረስ የመጡ ሰዎች የአንድ ሌሊት አበል ሲያጡ ፊታቸው ምን እንደሚመስል እስካሁን አልረሳሁትም።

ስለዚህ ስሌቱን አሳየው፣ የዋጋውን ምንጭ ጻፍ፤ አበሉ ከድርጅቱ የአበል መመሪያ፣ አዳራሹ ከፕሮፎርማ ከነወሩ። ከዚያ ለምን 60 እንደሆኑ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገር። በቃ።

የደመወዝ መቶኛ

«የሂሳብ ሠራተኛ፣ 25 በመቶ» ብሎ መተው ሌላው በሽታ ነው። የምን 25? በሳምንት ከአምስቱ ቀን አንዱን ከሩብ ማለት ነው፤ ታዲያ በዚያ ጊዜ ምን ይሠራል? የአበል ማወራረጃ፣ የሦስት ወር ሪፖርት፣ የኦዲት ዝግጅት እያልክ ጻፈው። ስሌቱም ይታይ፤ የወር ደመወዙ 28,000 ከሆነ በ12 ወር በ25 በመቶ 84,000 ይመጣል፣ በላዩ የአሠሪው የጡረታ መዋጮ 11 በመቶ 9,240። ብዙ ሰው የጡረታውን ይረሳና በኋላ ከደመወዝ መስመር ሲቆነጥር ይኖራል።

አንድ ቦታ ስሠራ አንዱን ሒሳብ ሠራተኛ ለአራት ዶነሮች አከፋፍለነው ነበር። እያንዳንዱ ማብራሪያ ለብቻው ሲነበብ ያምራል። ኦዲተሩ አራቱንም ጎን ለጎን ዘርግቶ ሲደምር ሰውየው 130 በመቶ ይሠራል! ሁለቱን ማብራሪያ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ የሠራተኞችን ድርሻ በሙሉ በአንድ ሠንጠረዥ ሳልይዝ ማብራሪያ አልጽፍም።

የምንዛሪ ተመኑን አለመጻፍ

ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። በዶላር የተፈቀደላቸው በብር ብዙ አገኙ። በብር የተፈቀደላቸው ደግሞ የላፕቶፕ ዋጋ ሲሰቀል ቆመው ተመለከቱ። ሁለቱም ጋ ማብራሪያው ላይ «ይህ በጀት በዚህ ቀን፣ በዚህ ባንክ፣ በዚህ ተመን ተሠርቷል» የሚል መስመር የሌላቸው ነበሩ፤ እነሱ ለውጥ ለመጠየቅ ከምን ተነስተው እንደሚያወሩ ጠፋባቸው። አንድ መስመር ናት። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ካለህ የትኛው ዋጋ ከዶላር ጋር እንደሚንቀሳቀስም ለይተህ ጻፍ።

የቢሮ ወጪን መደበቅ

ይህ የቆየ ልማድ ነው። በድሮው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ 621/2001 ዘመን፣ 30 በመቶዋ የአስተዳደር ወጪ ጣሪያ ስታስፈራን፣ ኪራዩንም ሒሳብ ሠራተኛውንም በፕሮግራም ስም መጠቅለል ተማርን። እሱን የተካው አዋጅ 1113/2011 ጣሪያውን 20 በመቶ ቢያደርገውም፣ ለፕሮጀክት ሥራ የግድ የሚወጡ ወጪዎች እንደ ድሮው በአስተዳደር ስም መቆጠራቸውን አስቀርቷል። ልማዱ ግን አልለቀቀንም። ኪራይ ካለ ኪራይ በለው፤ ከስድስት ክፍል ሁለቱን ፕሮጀክቱ ይጠቀማል፣ ስለዚህ የኪራዩ ሲሶ ብለህ ጻፍ። ይህን የመሰለ ግልጽ ነገር የሚከለክል ዶነር እምብዛም አልገጠመኝም።

ኦቨርሄድ የሚሰጥ ፋውንዴሽን ከሆነ ደግሞ መመሪያውን ሁለቴ አንብብ። «ከቀጥታ ወጪ 10 በመቶ» ማለትና «ከጠቅላላው ጥያቄ 10 በመቶ» ማለት አንድ አይደለም። ቀጥታ ወጪህ 1,000,000 ከሆነ በመጀመሪያው 100,000 ታገኛለህ፣ በሁለተኛው 111,111። ይህችን ማደባለቅ ፕሮፖዛልህን ገና ሳይነበብ ልታስመልሰው ትችላለች።

«ልዩ ልዩ ወጪ»

አትጻፍ። ቫቱ ፕሮፎርማው ውስጥ ይኑር አይኑር ግን ጻፍ፤ 15 በመቶ ትንሽ ገንዘብ አይደለም።

ማብራሪያውና ፕሮፖዛሉ ሲጣሉ

ወደ ልጁ ልመለስ። የበጀቱ ጣሪያ ተነግሮታል፣ መጨመር አይችልም። 48,000 ብር ከየት ይምጣ? መስመሮቹን አንድ በአንድ ወረድንባቸው። ታች ላይ «ቲሸርት፣ 60 በ800 ብር» የሚል አለ። «ለምንድነው?» አልኩት። «ለሰልጣኞቹ።» «ቲሸርቱ ባይኖር ስልጠናው ምን ይጎድለዋል?» መልስ አጣ። እንግዲህ ማብራሪያ ሊጻፍለት ያልቻለ መስመር እሱ ነበር። ሰረዝነው፤ ልክ 48,000። ድምሩ ሳይነካ ስልጠናው ሞላ።

ደስ ብሎት ሊልከው ሲል አስቆምኩትና ዋናው ፕሮፖዛል ውስጥ «ቲሸርት» የሚለውን ቃል ፈልግ አልኩት። ሦስት ቦታ ተገኘ። አንዱ የሥራ ዕቅዱ ላይ፣ አንዱ ከሚጠበቁ ውጤቶች መሀል፣ አንዱ ደግሞ ለዶነሩ በተጻፈው ደብዳቤ ላይ፣ «አርማችሁ ያለበት» ከሚል ጋር።