ትኋን፣ ቁንጫ ወይስ ቢምቢ? ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድሬዳዋ የምትኖረው እህቴ ጠዋት ጠዋት ክንዷን እያከከች ሦስት ሳምንት ሙሉ «ቢምቢ ነው» ስትል ከረመች። ትኋኑ ግን አልጋዋ ውስጥ ይራባ ነበር።

የመጀመሪያው ስህተት በንክሻው መልክ ብቻ መፍረድ ነው። መልኩ ፍንጭ ይሰጣል። ቢምቢ የነከሰው ወዲያው ያብጣል፣ እዚህም እዚያም ተበታትኖ ይታያል። ቁንጫ የሚወደው ከጉልበት በታች ነው፤ በተለይ ቁርጭምጭሚት ዙሪያ ትንንሽ ቀይ ነጥብ ይተዋል፣ ድመት ወይም ውሻ ባለበት ቤት ደግሞ ቀንም ይነክሳል። ትኋን በእንቅልፍ ሰዓት ያልተሸፈነውን ፊት፣ አንገትና ክንድ ይበላል፤ ብዙ ጊዜ ሦስት አራት ንክሻ ተሰብስቦ ወይም ተሰልፎ ይወጣል። ሆኖም ሦስቱም ሊመሳሰሉ ስለሚችሉ ቆዳ አይቶ እርግጠኛ መሆን አይቻልም።

ሁለተኛው ስህተት፣ አንዱ ስላልተነከሰ ትኋን የለም ብሎ መደምደም ነው። የእህቴ ባል «በአንድ አልጋ ተኝተን አንቺን ብቻ የሚበላ ትኋን የት አለ?» ይላት ነበር። እሱንም ይበላዋል፤ ቆዳው ግን ምልክት አያወጣም። አንዳንዱ ሰው ላይ እብጠቱ የሚታየው ከቀናት፣ አንዳንዴም ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

ሦስተኛው ስህተት አንሶላውን ብቻ አራግፎ መተው ነው፤ እኛንም ያሳሳተን ይህ ነው። ፍራሹን አቁመን በስልክ መብራት ስፌቱን ጥግ ጥጉን ስናይ እንደ እስክሪብቶ ነጥብ ያሉ ጥቁር ጠብታዎች አገኘን። እርጥብ ነጭ ጨርቅ ሲታሽባቸው ቡናማ ሆነው ተቀቡ፤ የተፈጨ ደም ነውና። ከዚያ የራስጌውን ብሎን ፈታን። ቀዳዳው ውስጥ ባዶ ቅርፊት፣ 1 ሚሊ ሜትር የሚያህል ነጭ እንቁላልና 5 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ጠፍጣፋ ቡናማ ትኋን ነበር። ነካ ሲያደርጉት ይሮጣል እንጂ አይዘልም፤ የሚዘለው ቁንጫ ነው። እንግዳ የሚቀመጥበትን የመጅሊስ ፍራሽም እንዲሁ ገልብጣችሁ እዩ።

ምንም ካልተገኘ አልጋውን ከግድግዳ አርቃችሁ እያንዳንዱን እግር ውስጡ ለስላሳ፣ ጎኑ ቀጥ ያለ የፕላስቲክ ሳህን ውስጥ አቁሙ። ውጪውን ጨርቅ አልብሱት፣ ውስጡን ፓውደር ቀቡት፤ አንሶላው መሬት አይንካ። ትኋኑ ጨርቁን ይዞ ይወጣል፣ ውስጥ ከወደቀ ግን መውጣት ያቅተዋል። ጠዋት ጠዋት እያያችሁ ሁለት ሳምንት ታገሡ።

አራተኛው፣ ሳያረጋግጡ ፍሊት መንፋት ነው። ከመርጨቱ የተረፈው ወደ ሌላ ክፍል ሊሸሽ ይችላል፤ ብዙ ትኋን ደግሞ የተለመዱትን መድኃኒቶች ተላምዷል።

አምስተኛውን ድሬዳዋ ላይ በጭራሽ አትድፈሩት፦ ትኋን አገኘን ብሎ ትኩሳትን ችላ ማለት። ትኋን ወባም ሆነ ዴንጊ አያስተላልፍም፤ ከተማዋ ውስጥ ግን ሁለቱንም የሚያመጡ ቢምቢዎች አሉ። ትኩሳት ከመጣ በዚያው ቀን ሄዳችሁ ተመርመሩ።